የደፈረሰው ምንጭና የጠራው ፓምፕ፦ ከጎንደር አቅራቢያ የአንድ ቀበሌ የውሃ ምርመራ

ከአዘዞ ወደ ቆላድባ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው መሬት አብዛኛው መረሬ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በክረምት ደግሞ ጫማ ያስቀራል። የማወራላችሁ ቀበሌ የዚያው አካባቢ ናት። ስሟን አልጠቅስም፤ ሰዎቹ በቀላሉ ይታወቃሉ።

ቀበሌዋ ውስጥ ሁለት ጎጦች ናቸው የሚመለከቱን። የላይኛው ጎጥ ኮረብታው ሥር ነው፤ ከጎለበተ ምንጭ ይቀዳል። የታችኛው ጎጥ ሜዳው ላይ ነው፤ በእጅ ከተቆፈረና የእጅ ፓምፕ ከተገጠመለት ጉድጓድ ይቀዳል። እኔ በጤና ጣቢያው የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ሐምሌ ላይ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደወለችልኝ። ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ጤና ኬላው መዝገብ ላይ በዝተውባታል።

ነዋሪው ምክንያቱን አውቄዋለሁ ባይ ነበር። «ምንጩ ነው ልጆቻችንን የሚያሳምመው» ይላሉ፣ ዝናብ ሲጥል ቡናማ ስለሚሆን። ፓምፑን ግን ያሞግሱታል። አንዲት እናት «የፓምፑማ እንደ ጠበል የጠራ ነው እኮ» አሉን። ባለሙያዋ ግን ከመደወሏ በፊት አንድ ትልቅ ሥራ ሠርታለች። መዝገቡን ገልጣ የታመሙትን ሕፃናት በየጎጣቸው ለይታቸዋለች። ከሁለቱም ጎጥ ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱንም ውሃ እኩል ለመመርመር ተስማማን።

የያዝነው ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ የድፍርስነት ቱቦ፣ አንድ ጠርሙስ መመርመሪያ ስትሪፕ፣ ጥቂት የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብልቃጦች፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር።

ቱቦው ምንጩ ላይ

ቱቦው ረጅም ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ወለሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት አለው። ውሃውን ቀስ እያላችሁ ትጨምሩበታላችሁ፤ ከአፉ በላይ ሆናችሁ ቁልቁል እያያችሁ። ምልክቱ ልክ ሲጠፋባችሁ ታቆማላችሁ። ውሃው የደረሰበት መስመር ላይ ያለው ቁጥር ድፍርስነቱ ነው። መለኪያው ኤንቲዩ ይባላል። ቁጥሩ ከታች ትልቅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ትንሽ ይሆናል። በጣም የደፈረሰ ውሃ ጥቂት ጣት ከፍታ ላይ ምልክቱን ይሸፍነዋላ። የመስመሮቹ ርቀትም እኩል አይደለም፣ ስለዚህ በሁለት መስመር መካከል ሲውል በማስመሪያ ማካፈል አይሠራም። ቀረብ ያለውን መስመር መጻፍ ይበቃል።

አነባበቡ ላይ ሰው የሚሳሳተው በትናንሽ ነገር ነው። ፀሐይ በቀጥታ ቱቦው ላይ ካረፈች ምልክቱ ያንጸባርቅና ውሃው ከሆነው በላይ የጠራ ይመስላል። ስለዚህ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ በራስ ጥላ ማንበብ ነው። የፀሐይ መነጽር ይወልቃል። የተቀዳው ውሃ በባልዲ ቆሞ ከሰነበተ ጭቃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከመጨመራችሁ በፊት አማስሉት። ፓምፕ በኃይል ሲገፉት ደግሞ ውሃው ወተት መስሎ ሊወጣ ይችላል፣ አየር ስለሚገባበት። እሱን ትንሽ ብትጠብቁት ከታች ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል። ጭቃ እንዲህ አያደርግም።

መጀመሪያ ምንጩን ዝናብ ባልጣለበት ጠዋት ለካነው። ቱቦው እስከ አፉ ሞላ፣ ምልክቱ አሁንም ይታያል። የኛ ቱቦ ጫፉ ላይ 5 ነው የሚለው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ «ከ5 በታች» ብለን ጻፍን። ዜሮ ብሎ መጻፍ አይገባም። ቱቦው 1 የሆነውን ከ4 መለየት አይችልም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ዝናቡ ባባራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ተመልሰን ለካን። 60። በነጋታው ጠዋት 20 ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሳይዘንብ ሲውል እንደገና ከ5 በታች ገባ።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። 60 የሚለው ቁጥር ብቻውን ስለ ጭቃ ነው የሚያወራው። ከ5 ተነስቶ በሁለት ሰዓት 60 መድረሱ ግን ስለ መንገድ ያወራል። ከመሬት ሥር በአፈር ተጣርቶ የመጣ ውሃ ዝናብ ስለጣለ ወዲያው አይደፈርስም። በሰዓታት ውስጥ የሚደፈርስ ምንጭ የገጽ ውሃ በአቋራጭ እየገባበት ነው። የገጽ ውሃ ደግሞ ሜዳው ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው፣ የከብት እበትም የሰው ዓይነ ምድርም። ለዚህ ነው ምንጭን በበጋ አንድ ጊዜ ለክቶ «ጥሩ» ብሎ መሄድ የማይበቃው። ከዝናብ በፊትና ከዝናብ በኋላ ያለው ልዩነት ከሁለቱም ቁጥር በላይ ይናገራል።

ስለዚህ ቱቦውን አስቀምጠን ወደ ላይ ወጣን። የጎለበተ ምንጭ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይኖረዋል። የዚህ ምንጭ ቦይ በደለል ሞልቶ ከሜዳው ጋር ተስተካክሏል። የእሾህ አጥሩ በአንድ በኩል ወድቋል፤ ከብት እየገባ ምንጩ ራስ ላይ ይተኛል። የከብቱ ኮቴ የረገጠው ቦታ ላይ የቆመው ውሃ ከቱቦው ውስጥ ውሃ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ነበረው።

በየቤቱ ጄሪካን ውስጥ

የላይኛው ጎጥ ሰው ክሎሪን አያውቅም ማለት አይደለም። ብዙ ቤት ውሃ አጋር የሚባለው ፈሳሽ ክሎሪን አለ። «እንጨምራለን እኮ!» አሉን፣ እውነታቸውን ነው። ታዲያ ልጆቹ ለምን ታመሙ?

እዚህ ላይ ስትሪፑ ገባ። የኛ ስትሪፕ አምስት ትናንሽ ንጣፎች የተለጠፉበት ፕላስቲክ ነው። ነጻ ክሎሪን፣ ፒኤች፣ ጥንካሬ፣ ናይትሬትና ናይትራይት ያሳያል። ውሃው ውስጥ ነክሮ ማውጣት፣ ሳያራግፉ አግድም መያዝ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሰከንድ መጠበቅ፣ ከቀለም ሠንጠረዡ ጋር ማስተያየት ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ ሰዓት አለው። የክሎሪኑ ቶሎ ይነበባል፤ የናይትሬቱ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል። ከሰዓቱ በኋላ ቀለሙ መቀየሩን ይቀጥላል፣ ያ ንባብ አይያዝም። ንጣፉን በጣት አይነኩም። በኩራዝ ወይም በቢጫ አምፖል ብርሃን ቀለም ማስተያየትም አይሆንም። ደጅ ወጥቶ ጥላ ውስጥ ማንበብ ነው።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ከምንጩ በተቀዳ፣ 60 በሚያነብ ውሃ ሦስት ጄሪካን ሞላን። አንድ የቤት እመቤት ቤታቸውን ፈቀዱልን። በመጀመሪያው ጄሪካን እሳቸው እንደለመዱት አንድ ክዳን ጨመሩ። በሁለተኛው ሁለት ክዳን። ሦስተኛውን አሳድረን፣ ከላይ ያለውን ቀስ ብለን በጨርቅ አጥልለን፣ ከዚያ ሁለት ክዳን ጨመርንበት። ሁሉንም 30 ደቂቃ ጠብቀን ስትሪፕ ነከርን።

የመጀመሪያው ዜሮ። ንጣፉ ቀለም አልያዘም። ሁለተኛው ደብዛዛ ቀለም አሳየ፣ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ከሚለው ትንሽ የፈዘዘ። ሦስተኛው 1 ላይ አረፈ። በነጋታው በዚያው ሰዓት ስንመልሰው የሁለተኛው ጠፍቷል። የሦስተኛው ግን አሁንም ቀለም ነበረው።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ጀርሙን መርጦ አያጠቃም። ያገኘውን ብስባሽና ቆሻሻ ሁሉ ያጠቃል፣ በዚያም ያልቃል። ጀርሙም ጭቃው ውስጥ ይሸሸጋል። ለጠራ ውሃ የታሰበው አንድ ክዳን ለ20 ሊትር በሊትር 2 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። እስከ 10 ኤንቲዩ ለሚደርስ ውሃ ይህ ይበቃል። ከ10 እስከ 100 ላለው መጠኑን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከ100 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ሳይረጋ ወይም ሳይጣራ ክሎሪን መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሰው ንጹህ ጠጣሁ ብሎ የቆሸሸውን ይጠጣል። ቱቦው ለጤና ባለሙያ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ስንት ክዳን እንደሚጨመር ይነግራታል። ስትሪፑ ደግሞ የተጨመረው መሥራቱን ይነግራታል። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው።

የምንፈልገው ከ30 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 0.5 ቀርቶ ማየት፣ ግን ከ2 እንዳያልፍ። ሽታው ከበዛ ሰው ይተወዋል። በነጋታው ደግሞ ቢያንስ 0.2 መቅረት አለበት። እዚህ ላይ የስትሪፑን አቅም ማወቅ ይገባል። ሠንጠረዡ ከዜሮ ቀጥሎ 0.5 ነው፤ 0.2ን ለብቻው አያሳይም። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ በነጋታው ንጣፉ ላይ የሚታይ ቀለም ካለ አለ ይባላል፣ ከሌለ የለም ይባላል። በዓይን መካከል ገምቶ «0.3» ብሎ መጻፍ የለም።

ስለ ማሳደሩ አንድ ነገር ልጨምር። ያደረው ውሃ 60 የነበረው 40 ብቻ ነው የሆነው። ሌላ ቦታ አሸዋ ያለበት ድፍርስ ውሃ ቢያድር ንጥር ይላል። የመረሬ ጭቃ ግን በጣም ደቃቅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተንሳፍፎ ያድራል። ጨርቁም ጭራሮውንና ነፍሳቱን እንጂ እሱን አይዝም። ስለዚህ በዚህ አፈር ላይ «አሳድሩና አጥልሉት» ብሎ መምከር ይጠቅማል፣ ግን ሁለተኛውን ክዳን አያስቀርም። ይህን በቱቦው ስላየነው ነው የምናገረው።

ባለሙያዋ ሌላም ያየችው አለ። አንዳንዱ ቤት ያለው ጄሪካን የዘይት የነበረ 25 ሊትር ነው። ለ20 ሊትር የታሰበው ክዳን እዚያ ይሳሳል። ጠርሙሱ ደግሞ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው ከርሟል። ፈሳሽ ክሎሪን በሙቀትና በፀሐይ ይደክማል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ስትሪፑ ላይ አንድ ዜሮ ሆነው ነው የሚታዩት።

ዜሮ ሲወጣ ደግሞ ስትሪፑ ራሱ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የስትሪፕ ጠላቱ እርጥበት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ በክረምት ካደረ አለቀለት። እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ የጠራ የታሸገ ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ ክሎሪን ጨምረን አንድ ስትሪፕ እንነክራለን። ቀለሙ ደምቆ ከመጣ ስትሪፑ ደህና ነው፤ ዜሮውም እውነተኛ ዜሮ ነው። ካልመጣ ጠርሙሱን ጥሎ ሌላ መክፈት ነው። የማብቂያ ቀኑ ሳያልፍም እንዲህ የሞተ ስትሪፕ ገጥሞኛል።

ዜሮ የሚለው ንባብ ትርጉሙ ቦታውን ተከትሎ እንደሚለወጥም ልብ በሉ። ምንጩ ላይ ወይም ፓምፑ ላይ የክሎሪን ዜሮ መሆን ምንም አይነግረንም፤ ማንም አልጨመረበትማ። ጄሪካን ውስጥ፣ «ጨምሬያለሁ» ካሉ እናት ቤት የወጣ ዜሮ ግን ትልቅ ዜና ነው።

የጠራው ፓምፕ

አሁን ወደ ታችኛው ጎጥ እንውረድ። ፓምፑ ከዝናብ በፊትም በኋላም ከ5 በታች ነው። ሽታ የለውም። ሠፈሩ የሚኮራበት አለምክንያት አይደለም።

የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ አንድ የቆየ ወረቀት አመጡልን። ከዓመታት በፊት የመጣ ሰው መርምሮ የጻፈው ነው። «ናይትሬት 20፣ ጥሩ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ስለሆነ 20 በርግጥ ጥሩ ይመስላል።

እኛም ነከርን። አንድ ደቂቃ ቆጥረን አስተያየን። ንጣፉ 20 ላይ አረፈ። ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ባለሙያዋ ግን የስትሪፑን ጠርሙስ አዙራ ሠንጠረዡ ሥር ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበች። ቁጥሩ የሚቆጥረው ሙሉውን ናይትሬት ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው።

ናይትሬት ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። አንዳንድ አምራች ሙሉውን ይመዝናል፣ አንዳንዱ ናይትሮጅኑን ብቻ። በናይትሮጅን የተጻፈውን ወደ ሙሉ ናይትሬት ለመመለስ በ4.4 ማባዛት ነው። 20 ሲባዛ በ4.4፣ 88 ይሆናል። ወሰኑ 50 ነው። በናይትሮጅን ሲሰላ ያው ወሰን 11 ገደማ ነው። ስለዚህ «20» የሚለው ንባብ በአንዱ ጠርሙስ ከወሰኑ ከግማሽ በታች፣ በሌላው ጠርሙስ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። የቆየው ወረቀት ላይ መለኪያው አልተጻፈም። የትኛው ጠርሙስ እንደነበር አሁን ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ደብተር ላይ ቁጥር ብቻውን መግባት የሌለበት፤ ጎኑ «እንደ ናይትሮጅን» ወይም «እንደ ናይትሬት» መባል አለበት።

ስትሪፕ ግምት እንደሆነም አትርሱ። 20 ያለው 15ም 25ም ሊሆን ይችላል። ግን የቱም ቢሆን ከ11 በላይ ነው። ስለዚህ ውሳኔው አይለወጥም።

ናይትሬት ተቅማጥ አያመጣም። ክሎሪን አያጠፋውም። ማፍላት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይቀራል። አደጋው ለጨቅላ ሕፃን ነው፣ በተለይ ከሦስት ወር በታች ላለ፣ በዚህ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ወይም ውሃው ራሱ ሲሰጠው። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ይሳነዋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ ይሆናል። ተቅማጥ ያለበት ሕፃን ላይ ይብሳል። እዚህ አካባቢ አንዳንድ እናት ገና ወር ላልሞላው ሕፃን የአብሽ ውሃ ታጠጣለች። ስለዚህ ባለሙያዋ የታችኛው ጎጥ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ቤት ሁሉ ሄደች። መልእክቷ አንድ ነበር፦ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፤ የፓምፑ ውሃ፣ ቢፈላም፣ ለጨቅላው አይሰጥ። ለትልልቆቹ ግን ፓምፑን አልዘጋነውም። ቢዘጋ ወንዝ ይወርዳሉ፣ ያ ደግሞ በብዙ እጅ የከፋ ነው።

ናይትሬቱ የሚነግረን ሌላም አለ፤ ከየት መጣ? ሐምሌ ማሳ ላይ ዩሪያ የሚበተንበት ወር ነው። ከዩሪያም ሊመጣ ይችላል፣ ከበረትም፣ ከሽንት ቤትም። ስትሪፑ ይህን አይለይም። የናይትራይቱ ንጣፍ ምንም አላሳየም። ናይትራይት ቢኖር ኖሮ ብክለቱ ገና ትኩስ ነው፣ መንገድ ላይ ነው የሚል ጥርጣሬ ያጠናክር ነበር። አለመኖሩ ግን ነጻ አያወጣም።

ስለዚህ ብልቃጡን አወጣን። ውስጡ ኬሚካል የጠጣ ደረቅ ወረቀት አለ። ውሃውን እስከ ምልክቱ ትሞሉታላችሁ፣ ትዘጉታላችሁ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ታኖሩታላችሁ። ከአንጀት የሚወጡ ባክቴሪያዎች ካሉ አንዳንዶቹ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመርታሉ፤ ወረቀቱም ውሃውም ይጠቁራል። ዘዴውን በ1982 እ.ኤ.አ. የህንድ ተመራማሪዎች ናቸው ያወጡት፣ ላብራቶሪ ለሌለበት ገጠር ብለው። ይህ ዘዴ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የጎንደር የሐምሌ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ጠረጴዛ ላይ ያደረ ብልቃጥ በነጋታው ስላልጠቆረ ንጹህ ነው ማለት አይቻልም። ባለሙያዋ ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልላ ጋቢ ሥር፣ ሰውነቷ አጠገብ አሳደረቻቸው፤ ቀን ቀን ደግሞ ምድጃው አጠገብ፣ እሳቱ ሳይነካቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ጠበቅን።

ከዝናብ በኋላ የተቀዳው የምንጩ ውሃ በመጀመሪያው ሌሊት ከሰል መሰለ። የፓምፑም ሁለተኛው ቀን ሳያልቅ ጠቆረ። አጠገባቸው የነበረው የታሸገ ውሃ የያዘው ብልቃጥ ግን እንደነበረ ነው።

ዩሪያ ወረቀት አያጠቁርም። በተፈጥሮ ሰልፋይድ ያለው የጉድጓድ ውሃ ሊያታልል ይችላል፣ ግን እንዲህ ያለው ውሃ ገና ሲቀዳ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። የኛው አይሸትም። ናይትሬቱ ከፍ ብሎ፣ ወረቀቱም ጠቁሮ ሲገኝ ጣቱ ወደ በረትና ወደ ሽንት ቤት ይዞራል። የጠቆረውን ብልቃጥ ደግሞ እንዲሁ አይደፉትም፤ ጀርም ተራብቶበታልና ክሎሪን ሞልቶ አሳድሮ ነው የሚጣለው።

ወደ ፓምፑ ተመልሰን ዙሪያውን ስናይ መልሱ ብዙ አልራቀም። የሲሚንቶው መድረክ ተሰንጥቋል። ከሥሩ የፈሰሰው ውሃ ኩሬ ሠርቶ ከብት ይጠጣበታል። የአንድ አባወራ በረት ከበላዩ ነው፣ ከ30 ሜትር በጣም ባነሰ ርቀት። መሬቱም መረሬ ነው፤ በጋ የሰነጠቀው ስንጥቅ በመጀመሪያው ዝናብ ሳይዘጋ ፍጉን ይዞ ይወርዳል። ጭቃው ታዲያ ለምን ቱቦው ላይ አልታየም? ጥልቅ መሬት ውስጥ ሲሄድ ደቃቁ አፈር ይቀራል። ናይትሬት ግን ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይጓዛል፤ ባክቴሪያም ለዓይን ሳይታይ ያልፋል። ቱቦው ዋሽቶ አይደለም። የተጠየቀው ስለ ጭቃ ነው፣ ስለ ጭቃ መለሰ።

ምን ተደረገ፣ ከዚያስ ምን ተነበበ

የላይኛው ጎጥ ሥራ ፈጣን ነበር። የውሃ ኮሚቴው ሰው ጠርቶ ቦዩን እንደገና ቆፈረ፣ አጥሩን መለሰ። ቀጥሎ በጣለው ከባድ ዝናብ ቱቦው 60 ሳይሆን 15 አነበበ። ተሻሽሏል፣ አልዳነም። 15 አሁንም ከ10 በላይ ነውና እስከ መስከረም መጨረሻ ዝናብ በጣለ ማግስት ሁለት ክዳን የሚለው ምክር ጸና። ባለሙያዋ ነዋሪው እንዲያስታውሰው አንድ ነገር ፈጠረች። ከጄሪካኑ በነጭ ኩባያ ቀድታ «የኩባያው ወለል ደብዘዝ ካለ ሁለት ክዳን» ትላቸዋለች። ይህ ከቱቦው ጋር የሚተካከል መለኪያ አይደለም፣ ግን ቤት ውስጥ ቱቦ የለም።

አንድ ነገር ግን ክሎሪኑም አልፈታውም። ሁለት ሕፃናት ቤታቸው ውስጥ ስትሪፑ ጥሩ ቀለም እያሳየ ተቅማጣቸው ረዘመ። ክሎሪን የማይበግረው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተውሳክ አለ፤ ጃርዲያም ከባክቴሪያ በላይ ይቋቋመዋል። የስትሪፑ ቀለም ስለ እነሱ ዋስትና አይሰጥም። ሕፃናቱን ወደ ጤና ጣቢያ ላክናቸው፤ ለቤቱም ውሃውን አፍልቶ መጠጣት ተመከረ። እነሱ የላይኛው ጎጥ ስለሆኑ የናይትሬት ስጋት የለባቸውም፤ ማፍላቱ አይጎዳቸውም።

የታችኛው ጎጥ ግን ጊዜ ወሰደ። ለበረቱ ባለቤት «ያንተ ከብት ነው ልጆቹን ያሳመመው» ቢባል ነገር ይበላሽ ነበር። የጠቆረውን ብልቃጥና የታሸገ ውሃ የያዘውን ጎን ለጎን አድርገን አሳየናቸው። አዛውንቱ ዝም ብለው አዩና «ይሄ የኛ ውሃ ነው?» አሉ። በረቱን መስቀል ሳይደርስ ወደ ታች አዛወሩት። የሲሚንቶው መድረክ ተጠግኖ ለፈሰሰው ውሃ መውረጃ ተበጀ። ከጥገናው በኋላ ጉድጓዱ በክሎሪን ዱቄት ታከመ፤ አሳድረው ሽታው እስኪጠፋና ስትሪፑ ከ0.5 በታች እስኪያነብ ድረስ እየገፉ ደፉት። የጉድጓድ ሕክምና የዕለቱን ጀርም ያጠፋል፤ ስንጥቅ ካልተደፈነ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ያው ነው። ለዚህ ነው ጥገናውን ያስቀደምነው። እስከዚያም የታችኛው ጎጥ ቤቶች አንድ ክዳን እንዲጨምሩ ተነገራቸው፣ ውሃው የጠራ ስለሆነ አንዱ ይበቃል። በየቤቱ የተነከረው ስትሪፕም ቀለም ይዞ ወጣ።

ጥቅምት ላይ የፓምፑን ውሃ እንደገና በብልቃጥ ሞከርነው። ሁለት ቀን ጠበቅን፣ ሦስተኛም ጨመርን። አልጠቆረም። የናይትሬቱ ንጣፍ ግን ያው 20 ላይ ነው። በረቱ ተነሥቶም ለዓመታት አፈሩ የጠጣው ገና እየወረደ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ በወራት አይታጠብም። በረቱ የነበረበት ጎን ያለው የቆየ ሽንት ቤትም አልተዘጋም፣ ባለቤቶቹ ሌላ እስኪቆፍሩ ጊዜ ጠይቀዋል። ውሃው ለጨቅላ አይሰጥ የሚለው ምክር ስለዚህ አልተነሣም። ከፓምፑ አንድ ናሙና ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ተልኳል፣ በላብራቶሪ ትክክለኛው መጠን እንዲታወቅ። ጠርሙሱ ላይ ባለሙያዋ የጻፈችው «በስትሪፕ 20፣ እንደ ናይትሮጅን» የሚል ነው።